ስሕተትን መቁጠር ወይስ ስሕተትን ማንበብ? ዲስሌክሲያን በአማርኛ ፊደል ስለ መመዘን

አንዲት ተማሪ በቃል ጽሕፈት ፈተና ላይ «ጠረጴዛ» የተባለውን «ተረጴዛ»፣ «ሠራተኛ» የተባለውን ደግሞ «ሰራተኛ» ብላ ብትጽፍ፣ በጥብቅ አስተራረም ሁለት ነጥብ ታጣለች። ሁለቱ ስሕተቶች ግን እኩል ሊመዘኑ ቀርቶ በአንድ ስም ሊጠሩም አይገባም። የመጀመሪያው የቃሉን ድምፅ ይለውጣል። ሁለተኛው ድምፁን ሙሉ በሙሉ ጠብቆ፣ በዛሬው አማርኛ አንድ ዐይነት ከሚነበቡ ሁለት ፊደላት አንዱን የመረጠ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስለ ልጅቱ የድምፅ አያያዝ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሁለተኛው የሚነግረን ስለ ፊደላችን ታሪክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ዲስሌክሲያ በመሠረቱ ድምፅን የማስተናገድ ችግር ከሆነ፣ መመዘኛውም ድምፅን መመዘን አለበት። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ፈተናዎችን ወደ አማርኛ መልሶ የስሕተት ብዛት መቁጠር ይህን አያደርግም። በአማርኛ ፊደል የሚያነብን ልጅ ችግር የሚገልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የንባቡ ፍጥነት፣ ሁለተኛው በቃል ጽሕፈት የሚሠራው ስሕተት ዐይነት። ይህን ያልለየ መዛኝ ችግር ያለበትን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ያልተማረውን ልጅ «ችግር ያለበት» ብሎ ይመዘግበዋል።

ከዐይን ወደ ድምፅ

ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም የሰጠው ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ሲሆን ዘመኑም 1887 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፐርሲ ስለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የጻፈው አጭር ዘገባ የዚህ ዘርፍ መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ልጁ ብሩህ ነበር፤ ቁጥር ያነብባል፣ ሒሳብ ይሠራል። የገዛ ስሙን ሲጽፍ ግን ሁለት ፊደላትን አቀያይሮ ይጽፍ ነበር። ሞርጋን ችግሩን «በተፈጥሮ የመጣ የቃል ዕውርነት» ብሎ ሰየመው። በ1925 አሜሪካዊው ሳሙኤል ኦርተንም ችግሩ ፊደላትን ገልብጦ ከማየት ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ በዐይን ወይም ዐይን ያየውን በሚያከማች የአእምሮ ክፍል ላይ እንደሆነ ይታመን ነበር፤ ዛሬም በመምህራን ዘንድ በሰፊው የሚሰማው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

ይህን እምነት ያናጋው ቀላል ሙከራ ነው። ፍራንክ ቬሉቲኖና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ዕብራይስጥ ለማያውቁ ልጆች የዕብራይስጥ ፊደላትን ለጥቂት ጊዜ አሳይተው ከትውስታቸው እንዲጽፉ ጠየቁ። ማንበብ የሚቸግራቸው ልጆች በንባብ ከሚበረቱት እኩል ሠሩ። ችግሩ ቅርጽን ማየት ወይም ማስታወስ ቢሆን ኖሮ በዕብራይስጡም መታየት ነበረበት። ልዩነቱ የመጣው ቅርጹ ከድምፅ ጋር በሚያያዝበት ጊዜ ነው። ቬሉቲኖ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መረጃ አሰባስቦ ችግሩ ከእይታ ይልቅ ከቋንቋ ድምፅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተከራከረ።

«የድምፅ ችግር» ሲባል የመስማት ችግር ማለት አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ይናገራልም። የሚቸግረው የሰማውን ቃል በአእምሮው ከፍሎ መያዝ፣ ክፍሎቹን ማንቀሳቀስና ከምልክት ጋር በፍጥነት ማገናኘት ነው። ንግግር ይህን አይጠይቅም። «ቤት» ብሎ የሚናገር ልጅ ቃሉ በስንት ድምፅ እንደተሠራ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መጻፍ ሲጀምር ነው። ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቿ በ1974 ባቀረቡት ጥናት፣ አራት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ቃልን በዐበይት የድምፅ ክፍሎቹ እየቆጠሩ ጠረጴዛ ማንኳኳት ሲችሉ፣ በነጠላ ድምፆች ከፍሎ ማንኳኳት የቻለ ግን አንድም አልነበረም። ነጠላ ድምፅን ለይቶ ማወቅ በአብዛኛው ከንባብ ትምህርት ጋር አብሮ የሚያድግ ችሎታ ነው። ይህ ነጥብ ወደ አማርኛ ስንመጣ ወሳኝ ይሆናል።

መዛኞች ምን ያደርጋሉ?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የሚሠራ መዛኝ በመጀመሪያ የልጁን የትምህርት፣ የቋንቋና የጤና ታሪክ ይጠይቃል፤ ዐይኑና ጆሮው መመርመራቸውንም ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዐይነት ፈተናዎችን ይሰጣል። የመጀመሪያው ዐይነት የድምፅ ችሎታን ያለ ጽሕፈት የሚለካ ነው። በዚህ ውስጥ ከተነገረ ቃል አንድ ድምፅ አውጥቶ የቀረውን መናገር፣ ትርጉም አልባ ቃልን ሰምቶ መድገም፣ በተራ የተደረደሩ ሥዕሎችን ወይም አኃዞችን በፍጥነት መጥራት ይገኙበታል። ሁለተኛው ዐይነት ማንበብንና መጻፍን በቀጥታ የሚለካ ነው። በዚህም ልጁ የታወቁ ቃላትንና ትርጉም አልባ ቃላትን በተወሰነ ጊዜ ያነብባል፤ ምንባብ ያነብባል፤ ቃላትንም ሲነገሩ እየሰማ ይጽፋል።

ትርጉም አልባ ቃል በዚህ ሁሉ መካከል ልዩ ቦታ አለው። የታወቀን ቃል ልጁ ቅርጹን በማስታወስ ወይም ከዐረፍተ ነገሩ በመገመት ሊያነብበው ይችላል። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን፣ ትርጉምም የሌለውን ቃል ለማንበብ ግን ምልክቱን ወደ ድምፅ ከመለወጥ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በ1992 ራክ፣ ስኖውሊንግና ኦልሰን ያሳተሙት ቅኝት እንደሚያሳየው ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች በዚህ ፈተና ላይ በንባብ ደረጃ ከሚመስሏቸው ታናናሽ ልጆች እንኳ ያንሳሉ።

ነገር ግን ይህ የእንግሊዝኛ ምስል ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ብዙ ድምፅ፣ አንድ ድምፅም ብዙ አጻጻፍ አለው፤ ስለዚህ ደካማ አንባቢ ብዙ ይሳሳታል። በ1993 ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ዊመር ጀርመንኛ በሚያነብቡ ልጆች ላይ ያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። የጀርመንኛ ፊደልና ድምፅ ግንኙነት የጸና በመሆኑ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ትርጉም አልባ ቃላትን እንኳ በአብዛኛው በትክክል ያነብባሉ። የሚለያቸው ዝግታቸው ነው፤ አጻጻፋቸውም ደካማ ይሆናል። የድምፁ ችግር አልጠፋም፤ የሚታይበት ቦታ ተለወጠ እንጂ። የአማርኛ ፊደልም በንባብ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ጀርመንኛ የሚቀርብ ነው። «ሙ» በየትኛውም ቃል ውስጥ «ሙ» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ በአማርኛ ትክክለኛነትን ብቻ የሚለካ የንባብ ፈተና፣ ጥቂት ዓመት የተማረና ችግሩ ያለበትን ልጅ ሳይለይ ሊያልፈው ይችላል።

ፊደሉ የሚያመጣው ልዩነት

የአማርኛ ፊደል አንድ ምልክት ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ፣ ማለትም ተናባቢና አናባቢ፣ ይይዛል። ይህም የድምፅ ማውጣት ፈተናን ትርጉም ይለውጠዋል። መዛኙ «ቤት ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ድምፅ አውጣ» ቢል በእንግሊዝኛው አሠራር የሚጠበቀው መልስ «ኤት» ነው። በፊደል ማንበብ የተማረ ልጅ ግን «ት» ብሎ ይመልሳል፤ ለእርሱ የመጀመሪያው «ድምፅ» «ቤ» ነውና። ይህን መልስ ስሕተት ብሎ መመዝገብ የልጁን የድምፅ ችሎታ ሳይሆን የተማረበትን ፊደል መቅጣት ነው።

መፍትሔው ጥያቄውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። ለምሳሌ ልጁ ከሦስት ቃላት በመነሻ ድምፁ የማይመሳሰለውን እንዲመርጥ ይጠየቅ። በመጀመሪያው ደረጃ «ቡና፣ ቡሽ፣ ጋሪ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ቃላት ሙሉውን «ቡ» ይጋራሉ። በሁለተኛው ደረጃ «ቡና፣ ቤት፣ ጋሪ» ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚጋሩት ተናባቢውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ችሎ ሁለተኛውን ያልቻለ ልጅ ገና ወደ ነጠላ ድምፅ አልደረሰም፤ ይህም በጀማሪ ክፍሎች የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል። እኩዮቹ በሚችሉበት ዕድሜ በመጀመሪያው ደረጃ የሚወድቅ ልጅ ግን የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል። በእርግጥ ፊደል በሚገባ የቆጠረ ልጅ «ቡ» እና «ቤ» በሰሌዳው ላይ በአንድ መስመር እንደሚገኙ አስታውሶ ሊመልስ ስለሚችል፣ ይህ ፈተና ይበልጥ የሚታመነው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው።

ፊደልን በማስጠራት የሚደረግ ፈተናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። «ሀ ሁ ሂ» እያለ እስከ «ፐ» የሚወርድ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን ላያውቅ ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር፤ የፊደሉን ተራ የሚያፋልሰው «አቡጊዳ» ዜማ በማስታወስ ብቻ የሚወጡት አይደለም። የዘመኑ መዛኝም ፊደላቱን አቀላቅሎ፣ ሰዓት ይዞ፣ ማስጠራት ይኖርበታል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ትርጉም አልባ ቃላትን በምናዘጋጅበት ጊዜ ያስቸግራሉ። አንደኛው ሳድስ ነው። «ብ» አንዳንድ ጊዜ አጭር አናባቢ ይከተለዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን ይነገራል። የታወቀ ቃል ሲሆን ልጁ ከንግግር ያውቀዋል፤ «ብልድማ» ብለን የፈጠርነውን ግን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ማንበብ ይቻላል። ሁለተኛው ጥብቀት ነው። «ገና» የሚለው ጽሑፍ ላልቶ ሲነበብ የጊዜ ቃል፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፤ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አያሳይም። ስለዚህ የመጀመሪያው የቃላት ዝርዝር እንደ «ጦቤላ»፣ «ቀሹሚ»፣ «ሙዛፌ» ካሉ ሳድስ ከሌለባቸው ቃላት ቢዘጋጅ፣ ሳድስ ያለባቸው በሌላ ዝርዝር ቢለዩ፣ ማጥበቅና ማላላትም ሁለቱም ትክክል ቢባሉ መልካም ነው። ይህ ያልተወሰነበት ፈተና አንዱ መዛኝ ትክክል ያለውን ሌላው ስሕተት የሚልበት ፈተና ይሆናል።

አንድ ምሳሌ

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለማስረጃ የተቀናበረ እንጂ የአንድ ልጅ መዝገብ አይደለም። ልጅቱ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አማርኛ አፍ መፍቻዋ ነው፤ ዐይኗና ጆሮዋ ተመርምረው ጤናማ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከትምህርት ገበታዋም አልተለየችም። መምህሯ «ታነብባለች፤ ግን አትፈጥንም፤ ስትጽፍ ትሳሳታለች» ይላሉ።

40 የታወቁ ቃላት ሲሰጧት 37ቱን በትክክል አነበበች። ይህ ብቻ ቢታይ ችግር የለም ያሰኛል። ጊዜው ግን 75 ሰከንድ ነው፤ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መምህር የተማሩ ልጆች መካከለኛ ውጤት 40 ሰከንድ ነው። ሳድስ የሌለባቸውን 40 ትርጉም አልባ ቃላት ስታነብ ደግሞ 32ቱን አገኘች፤ የወሰደባት ጊዜ 160 ሰከንድ ሲሆን የክፍሉ መካከለኛ 85 ነው። ቃሉን ማስታወስ ወይም መገመት በማይቻልበት ቦታ ላይ ትክክለኛነቷም ወረደ፤ ዝግታዋም እንዳለ ቀጠለ። ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

ከዚያም 20 ቃላት በቃል ጽሕፈት ተሰጧት፤ 14ቱን ስታለች። በቁጥር ብቻ ከሄድን ውጤቷ ከ20 ስድስት ነው፤ ጉዳዩም እዚህ ላይ ይዘጋል። ስሕተቶቹን በየዐይነታቸው ስንለይ ግን ሌላ ነገር እናያለን።

አምስቱ «ሠራተኛ»ን «ሰራተኛ»፣ «መጽሐፍ»ን «መጽሀፍ»፣ «ዓሣ»ን «አሳ»፣ «ኃይል»ን «ሀይል»፣ «ፀጉር»ን «ጸጉር» ብሎ መጻፍ ናቸው። ሁሉም ድምፃቸው ትክክል ነው። የአጻጻፍ ወግን ለማስተማር ሊታረሙ ይችላሉ፤ ዲስሌክሲያን ለመመዘን ግን ከሒሳቡ ይወጣሉ። ስድስተኛው «ትምህርት»ን «ትምርት» ብሎ መጻፍ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙ ሰው የሚለው እንዲሁ ስለሆነ ልጅቱ የጻፈችው የሰማችውን ነው፤ ይህም ይወጣል። የቀሩት ስምንት ናቸው።

ከስምንቱ አራቱ «ጠረጴዛ»ን «ተረጴዛ»፣ «ቆርቆሮ»ን «ኮርኮሮ»፣ «ጨረቃ»ን «ቸረቃ»፣ «ጽጌረዳ»ን «ስጌረዳ» ያደረጉ ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳው ድምፅ በለስላሳ ጓደኛው ተተክቷል። «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ»፣ «ጨ» እና «ቸ» በቅርጽ አይመሳሰሉም፤ የሚመሳሰሉት በድምፅ ነው። ሦስቱ ደግሞ «መስኮት»ን «መኮት»፣ «ብርቱካን»ን «ብቱካን»፣ «ዘንባባ»ን «ዘባባ» ያደረጉ ናቸው፤ ከሌላ ተናባቢ በፊት ያለ አናባቢ የሚነገር ሳድስ ወድቋል። ይህ ድምፅ ከጎረቤቱ ተነጥሎ ለመሰማት አስቸጋሪ የሆነበት ቦታ ነው። አንዱ ብቻ፣ «ሰማይ»ን «በማይ» ማለት፣ ቅርጻቸው የሚቀራረብ ድምፃቸው ግን የማይገናኝ ፊደላት መለዋወጥ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ሰባቱ ወደ ድምፅ፣ አንዱ ወደ ዐይን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» የመሳሰሉትን ጥንዶች መለዋወጥ በመረጃነት አለመጠቀም ይበጃል፤ በቅርጽም በድምፅም ስለሚቀራረቡ ምክንያቱን አይለዩልንምና።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ልጅቱ «ጠ»ን ከ«ተ» ለይታ አትሰማ ይሆን? ለዚህ ትርጉም አልባ ቃላትን ሰምታ እንድትደግም ይደረጋል። «ጦቤላ» ስትባል «ጦቤላ» አለች፤ «ቀሹሚ»ንም እንዲሁ። ስለዚህ ትሰማለች፣ ትናገራለችም። ቃሉ ሲረዝም ግን «ጦቤላሚዶ»ን «ጦቤሚዶ» አለችው፤ ተመሳሳይ ርዝመት ባላቸው ሌሎች ቃላትም እንዲሁ አንድ ክፍል ጣለች። «ጦቤላ»ን እንድትጽፍ ስትጠየቅ ደግሞ አስተካክላ የደገመችውን ቃል «ቶቤላ» ብላ ጻፈች። ችግሩ ከጆሮዋም ከአንደበቷም አይደለም፤ ድምፁን በአእምሮዋ ይዞ ከምልክት ጋር በማገናኘቱ ላይ ነው። ከ20 ስድስት የሚለው ቁጥር ይህን አንዱንም አይነግረንም።

ከቋንቋ ልዩነት መጠንቀቅ

ይኸው አሠራር ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ሌላ ስሕተት ይወልዳል። በአንዳንድ አካባቢ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» ማለት የተለመደ አነጋገር ነው፤ ይህን የጻፈ ልጅ የአካባቢውን አማርኛ ጻፈ እንጂ ድምፅ አልሳተም። አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ የሆነ ልጅ ደግሞ በቋንቋው ከጥንት የ«ዘ» እና የ«ጸ» ድምፅ ስለሌለ «ዘ»ን በ«ሰ» ቢተካ ገና አማርኛ እየተማረ ነው ማለት ነው። የ«ጠ»፣ የ«ቀ» እና የ«ጨ» ድምፆች ግን በአፋን ኦሮሞም ስላሉ በእነዚህ ላይ የሚታይ ስሕተት በሁለተኛ ቋንቋ ብቻ በቀላሉ አይሳበብም። መዛኙ የልጁን የመጀመሪያ ቋንቋ ድምፆች ሳያውቅ የስሕተት ዐይነት ሊለይ አይችልም። የሚቻል ሲሆን ልጁ ማንበብ በተማረበት በእያንዳንዱ ቋንቋ መመዘን አለበት፤ በድምፅ ላይ የተመሠረተ ችግር በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተወስኖ አይቀርምና። በእንግሊዝኛ ብቻ ተመዝኖ የወደቀ ልጅ ያሳየን ምናልባት እንግሊዝኛ አለማወቁን ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቁጥር የማያዳላ መሆኑ፣ የስሕተት ዐይነት መለየት ግን በመዛኙ ግምት ላይ መመሥረቱ ነው። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ መልሱም መለያ ደንቦቹን አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያም ሁለት መዛኞች አንዱ የሌላውን ሳያይ አንድን ወረቀት እንዲለዩ አድርጎ ስምምነታቸውን መለካት ነው። ባልተስማሙበት ቦታ ደንቡ ይስተካከላል። ደግሞም ቁጥሩ ራሱ የማያዳላ አይደለም፤ «ሰራተኛ»ን ከ«ተረጴዛ» ጋር ደምሮ አንድ ማድረግም ውሳኔ ነው፤ የተደበቀ ውሳኔ በመሆኑ ብቻ ገለልተኛ ይመስላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሁሉም የንባብ ችግር የድምፅ ችግር አለመሆኑ ነው። ፈጣን ስያሜ ላይ ብቻ የሚዘገዩ፣ የድምፅ ችሎታቸው ግን ደኅና የሆነ ልጆች አሉ፤ በ1999 ሜሪያን ዎልፍና ፓትሪሻ ባወርስ ያቀረቡት የ«ድርብ ጉድለት» ሐሳብ ይህን ለመግለጽ የታሰበ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎችም በአንድ እይታ ስንት ፊደል መያዝ እንደሚቻል የሚለካ የእይታ ትኩረት ላይ ያተኩራሉ። ይህ ግን የስሕተትን ዐይነት መለየትን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ምክንያቶቹ የተለያዩ ከሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ድምር ውስጥ የሚጨምር ፈተና ከሁሉም ያነሰ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የንጽጽር መለኪያ የለንም የሚለው ነው። በ2010 በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በልዩ ልዩ ቋንቋዎቻችን ሰዓት ይዞ ፊደልን፣ ቃልንና ምንባብን አስነብቧል። ዓላማው ግን የትምህርት ሥርዓቱን መመርመር እንጂ የአንድን ልጅ ችግር መለየት አልነበረም፤ ውጤቱን ለዚህ መዋስ አይገባም። እስከዚያው የሚቻለው በምሳሌው እንደታየው ልጁን በዚያው ክፍል፣ በዚያው መምህር ከተማሩት ጋር ማስተያየት ነው። ይህ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ክፍሉ በሙሉ በደንብ ካልተማረ መካከለኛው ውጤት ራሱ ዝቅ ስለሚል የማስተማር ጉድለት በልጁ ላይ አይላከክም። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ከ40 ልጆች የተገኘ ንጽጽር በጣም የራቀውን ልጅ ያሳያል እንጂ ድንበር ላይ ያለውን አይለይም። ስለዚህ ድንበር ላይ ያለ ልጅ ስም ሳይሰጠው ለጥቂት ወራት የድምፅና የፊደል ግንኙነት በተለየ ሁኔታ ተምሮ እንደገና ቢመዘን ይሻላል።

ምን እንጀምር?

በዚህ መስክ የመመረቂያ ጥናት የምንሠራ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው የውጭ ፈተና ተርጉመን፣ በባለሙያ አስገምግመን፣ የአስተማማኝነት ቁጥሩን አስልተን ማቅረብ ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ግን ፈተናው የሚለካውን ነገር አይነግረንም። «ኤት» የሚል መልስ የሚጠብቅ ፈተና «ት» የሚሉትን ልጆች ሁሉ በአንድነት ቢጥላቸው፣ ወጥ በሆነ መንገድ ስለተሳሳተ አስተማማኝነቱ ከፍ ሊል ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ሦስት ትንንሽ ሥራዎች የበለጠ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ሳድስ ያለባቸውና የሌለባቸው ተለይተው የተዘጋጁ ትርጉም አልባ ቃላትን በተለያዩ የክፍል ደረጃዎች ሰዓት ይዞ ማስነበብ፤ ሁለተኛው፣ ችግር የሌለባቸው ልጆች በቃል ጽሕፈት የሚሠሩትን ስሕተት በዐይነቱ መሰብሰብ። የ2ኛ ክፍል ልጆች ሁሉ «መስኮት»ን «መኮት» ብለው የሚጽፉ ከሆነ፣ በ2ኛ ክፍል ያ ስሕተት ምልክት አይደለም፤ በ4ኛ ክፍል ግን ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ በየአካባቢው አነጋገርና በየአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚጠበቁትን የድምፅ ልውውጦች መመዝገብ ነው።

እስከዚያው ማንኛውም መዛኝም ሆነ መምህር ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በቃል ጽሕፈት ወረቀት ኅዳግ ላይ ከአንድ ዓምድ ይልቅ አራት ዓምድ ያስምር፤ አንዱ ድምፁ ለተለወጠ፣ አንዱ ድምፅ ለወደቀበት፣ አንዱ ቅርጹ ለተምታታ፣ አንዱ ድምፁ ትክክል ሆኖ ፊደሉ ወይም አነጋገሩ ለተለየ። ድምሩን ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱን ስሕተት በየቦታው ያስገባ። የመጨረሻው ዓምድ የሞላበት ልጅ የሚያስፈልገው የአጻጻፍ ወግ ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሞሉበት ልጅ ግን ሌላ ዐይነት እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በድምሩ ከ20 ስድስት አግኝተው ሊሆን ይችላል።